ፈጥኖ መተንፈስ አንጎልን አያነቃም፣ ደሙን ይቀንስበታል

«ተቀመጡና በአፋችሁ በፍጥነትና በጥልቀት ተንፍሱ። ማዞር ሲጀምራችሁ አትደንግጡ፤ አንጎላችሁ አግኝቶት የማያውቀውን ኦክስጅን አግኝቶ እየነቃ ነው። ጣታችሁንና ከንፈራችሁን ውርር ሲያደርጋችሁ ደግሞ መርዙ እየወጣ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆሻሻ ነው፤ በወጣ ቁጥር ሰውነት ይጸዳል። እጃችሁ ቢተሳሰርም አታቁሙ፤ እዚያ ላይ የሚያቆም ሰው ጥቅሙን ያጣል። ለዋናም ይሆናል፤ ከመጥለቃችሁ በፊት እንዲህ ከተነፈሳችሁ ውኃ ውስጥ ብዙ ትቆያላችሁ።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ከዘመድም ከጓደኛም ደርሶኛል። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ቀዶ ሕክምና ላይ የተኛውን ሰው ትንፋሽ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ ከትንፋሹ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም በየደቂቃው ከመሣሪያ ላይ አነባለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልጻፉት ይገባኛል። ትንፋሽ ስሜትን ይለውጣል ማለታቸው ትክክል ነው። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይ ወደ ውጭ የሚወጣውን ትንፋሽ ማርዘም፣ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውንም ያረጋጋል። ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ለአጭር ጊዜ ፈጥኖ ቢተነፍስም አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ጠቡ የሚጀምረው ምክንያቱ ላይ ነው። ምክንያቱ ሲሳሳት ምክሩም ይሳሳታል፤ የመጨረሻው ምክራቸው ደግሞ ሰው ይገድላል።

ከኦክስጅኑ ልጀምር። ኦክስጅንን በደም ውስጥ የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ጤነኛ ሰው በዝግታ እየተነፈሰ ሄሞግሎቢኑ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ብታደርጉለት ከ97 እስከ 99 በመቶ ያነባል። እኛ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እዚህ 95 ወይም 96 ማንበብ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር ቦታ ብዙም የለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ከፍታ ላይ ስለሆንን ፈጥነን ስንተነፍስ የጣት መለኪያው በእርግጥ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ95 ወደ 98 ሊሄድ ይችላል። ኦክስጅኑ ይጨምራል ማለታቸው ስለዚህ ፍጹም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ማዞሩ ከዚህ አይመጣም። ቀዶ ሕክምና ልንጀምር ስንል ለበሽተኛው በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ለጥቂት ደቂቃዎች እንሰጣለን። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እናንተ ተቀምጣችሁ በመተንፈስ ልታገኙት ከምትችሉት በጣም በላይ ይሆናል። ሰውየው ግን በዝግታ እስከተነፈሰ ድረስ አዞረኝ አይልም፣ ጣቴን ወረረኝ አይልም። የኦክስጅን ብዛት የሚያዞር ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ከጭምብሉ ስር እናየው ነበር።

ተቃራኒውም ተሞክሯል። ሰው አየሩ ላይ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጨምሮበት በዚያው ፍጥነትና ጥልቀት ሲተነፍስ፣ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይወርድ እስከተደረገ ድረስ፣ ማዞሩም መውረሩም አይመጡም። ፍጥነቱ ያው ነው፣ ኦክስጅኑም ይገባል፤ የተለየው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አለመውረዱ ብቻ ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም?

ለምን እንደሚወርድ እንይ። ሰውነታችን አርፎ ተቀምጦ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል። ይህን ለማስወጣት በደቂቃ ስድስት ሊትር ገደማ አየር መተንፈስ ይበቃዋል። በደም ውስጥ የሚቀረው መጠን የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ባሕር ወለል ላይ 40 አካባቢ ነው፤ ከፍታ ላይ ሁላችንም ሳናውቀው ትንሽ ጨምረን ስለምንተነፍስ ዝቅ ይላል፣ እዚህ 36 ብለን እንያዘው። አሁን ተቀምጣችሁ፣ ጡንቻችሁ ምንም ሳይሠራ፣ በደቂቃ ሃያ ምናምን ሊትር ብትተነፍሱ ምርቱ ያው ሆኖ ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ36 ወደ 22 ሊወርድ ይችላል።

ወደ ጎሃ ተራራ በሩጫ የሚወጣ ልጅን ደግሞ ተመልከቱ። እሱም በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ጽሑፉ ካዘዘው በላይ ያለከልካል። ግን እጁ አይተሳሰርም፣ ከንፈሩን አይወረውም። ምክንያቱም የእግሩ ጡንቻ በዚያው ልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያመረተ ነው፤ ትንፋሹ የሚያስወጣው የተመረተውን ነው። ችግሩ የሚመጣው ትንፋሽ ከሰውነት ሥራ በላይ ሲሆን ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው ቀሪውን ሁሉ ሊረዳው ይችላል።

አሁን ወደ አንጎል። በአንጎል ውስጥ ያሉት ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ግድግዳቸው ጡንቻ አለው። ያ ጡንቻ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ ሲጨምር ይላላል፣ ሲቀንስ ይኮማተራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ወደ አንጎል ያለችግር ያልፋል፣ ከውኃ ጋር ሲገናኝም አሲድ ይፈጥራል። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፣ ሲያንስ ይጠባሉ። ይህ በከንቱ የተሠራ ነገር አይደለም። አንጎል ውስጥ ብዙ የሚሠራው ክፍል ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከሌሎች ምልክቶች ጋር ሆኖ ቧንቧውን አስፍቶ ለዚያ ክፍል ደም ይጠራለታል። እኛ ተቀምጠን ስናለከልክ ግን ይህ ምልክት ከመላው አንጎል ይጠፋል። ቧንቧዎቹ ሥራ የለም ብለው ይጠባሉ።

ስንት ይጠባሉ? በ1946 እ.ኤ.አ. ኬቲና ሽሚት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፈጥነው በሚተነፍሱ ጤነኛ ወጣቶች ላይ ለክተውታል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 26 ሲወርድ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ልኬቶችም ብዙ አልራቁም፤ እያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ሲወርድ የአንጎል ደም ከሁለት እስከ አራት በመቶ ይቀንሳል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ጎንደሬ ወጣት ተቀምጦ በዝግታ ሲተነፍስ ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም 100 እጅ እንበለው፣ ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን ደግሞ 95 በመቶ ነው። አንጎሉ የሚደርሰው 95 እጅ ይሆናል። ፈጥኖ ሲተነፍስ ኦክስጅኑ ወደ 98 ወጣ እንበል፤ ደሙ ግን በሲሶ ቀንሶ 67 ሆነ። 67ን በ98 በመቶ ብታባዙት 66 ገደማ ነው። ጸሐፊው የቆጠሩት የተጨመረችውን ሦስት ነው፤ የሄደውን ሠላሳ ሦስት አልቆጠሩትም። በዚያ ላይ ደሙ አሲድነቱ ስለቀነሰ ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል፣ ለአንጎል በቀላሉ አይለቅለትም። ማዞሩ፣ የዓይን ብዥታው፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያወራ የሚመስለው ነገር፣ ሁሉም ደም ያነሰው አንጎል የሚያሳየው ምልክት ነው።

እኛ ሰመመን ሰጪዎች ይህን ነገር አውቀን ለሕክምና እንጠቀምበታለን። ጭንቅላቱ ተመትቶ አንጎሉ ያበጠበት ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ በማሽን ለአጭር ጊዜ ትንፋሹን እናፈጥናለን። ቧንቧዎቹ ሲጠቡ የራስ ቅል ውስጥ ያለው ደም ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይረግባል። ግን ብዙ አንቆይበትም፤ ከቆየንበት አንጎሉ ደም አጥቶ ይጎዳል። ሰውየው ራሱን ስቷል፣ ምንም አያስብም፣ ምንም አይጠብቅም፣ ቧንቧዎቹ ግን ይጠባሉ። ይህን አሠራር አንጎል «መነቃት» ነው ካልን አንድም ቃል ትርጉም አይኖረውም።

ስለ መርዙ። ጸሐፊው መውረሩን የገለጹበት ቦታ ትክክል ነው፤ በአፍ ዙሪያና በጣት ጫፍ ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን። ምክንያቱ ግን ካልሲየም ነው። በደማችን ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ ነጻ ሆኖ ይዞራል፣ ከቀረው አብዛኛው አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቋል። አልቡሚን ላይ አሲዱም ካልሲየሙም የሚጣበቁበት ቦታ አንድ ነው፣ ይሻሙበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ አሲዱ ሲቀንስ ቦታው ይለቀቃል፣ ነጻ የነበረውም ካልሲየም ሄዶ ይጣበቃል። ጠቅላላው ካልሲየም አልተለወጠም፤ ላቦራቶሪ ቢለካ ልክ ነው ይላችኋል። የቀነሰው ነጻው ነው። ነጻው ካልሲየም ደግሞ ነርቭ ያለምክንያት እንዳይነሳ የሚከለክል ዘብ ነው። ዘቡ ሲሳሳ፣ የደሙ አሲድነት መቀነስ በራሱም ነርቩን ሲያነሳሳው፣ ማንም ሳይነካው መልእክት መላክ ይጀምራል። እናንተ ያንን መውረር ብላችሁ ትሰሙታላችሁ።

መርዝ ቢሆን ኖሮ ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። ትንፋሹን ስታቆሙ መውረሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። የወጣው መርዝ ተመልሶ ገባ ማለት ነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በእርግጥ ይመለሳል፤ ሰውነት በየደቂቃው ያመርተዋልና።

ቆሻሻ ነው የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ከሰውነት የሚወጣ ነገር መሆኑን አልክድም። ግን ከመውጣቱ በፊት ሥራ አለው፤ የደማችንን አሲድ ልኩን ይጠብቃል፣ የአንጎልን ቧንቧዎች ይከፍታል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ትንፋሽ ያዛል። ሰውነት የተወሰነ መጠን ሁልጊዜ አስቀርቶ የሚይዘው ለዚህ ነው።

«አታቁሙ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ልቤ ይቆጣል። ምክንያቱም ምን እንደሚያደርስ አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ይህንኑ ጽሑፍ አንብባ ጥናት ከመጀመሯ በፊት ሞከረችው። መጀመሪያ ከንፈሯን ወረራት፣ ከዚያ ጣቶቿን። ጽሑፉ አታቁሙ ስላለ ቀጠለች። ቀጥሎ እጆቿ ተኮማተሩ፤ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ፣ ሌሎቹ ጣቶቿ ቀጥ ብለው ተጣበቁ፣ አንጓዋ ታጠፈ፤ ጉርሻ ለማጉረስ እንደተሰበሰበ እጅ ማለት ነው። ልትከፍተው ብትሞክር እምቢ አላት። በዚህ ጊዜ ፈራች። ፍርሃቱ ደግሞ ትንፋሿን አሁንም አፈጠነው፣ አሁን ሆነ ብላ አልነበረም። ደረቷ ጨነቃት፣ አየር ያጠራት መሰላት፣ የባሰ ተነፈሰች።

ስጠራ ሄድኩ። አንዱ ክብሪት አጭሶ አፍንጫዋ ስር ይዟል፣ ሌላው ሽንኩርት ይቆርጣል፣ እናቷ «ወንድሜ፣ ጸበል እንውሰዳት ወይስ ሐኪም ቤት?» እያሉ ያለቅሳሉ። ጣቷ ላይ መለኪያ አደረግኩ፤ 98 ነበር። ሁለቱም እጆቿ እኩል ነበሩ፣ ፊቷ አልተጣመመም፣ ስጠይቃት ትመልሳለች። ሰዉን ከቤት አስወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እህቴ፣ አየር አላነሰሽም፤ በዝቶብሽ ነው። አፍሽን ዝጊ፣ በአፍንጫሽ ትንሽ ብቻ ሳቢ፣ ስታወጪ አርዝሚው፣ ከዚያ ትንሽ ቆዪ» አልኳት። ትንሽ የሚለው ላይ ነው የበረታሁት። ሰው ሲጨነቅ ሁሉም «በረጅሙ ተንፍሽ» ይለዋል፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ትልልቅ ትንፋሽ ከተሳበ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደወረደ ይቀራል። መጀመሪያ ማዞሩ ለቀቃት፣ ከዚያ የከንፈሯ መውረር፣ እጇ በመጨረሻ ተከፈተ።

እጅ መተሳሰሩ እንግዲህ የማለፊያ በር አይደለም። ነርቩ ጡንቻን ያለትእዛዝ ማኮማተር የጀመረበት፣ ነገሩ በጣም የራቀበት ደረጃ ነው። መቆም ያለበት ከዚያ በፊት ነው፤ ማዞር ሲጀምር።

የወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ይሻላል የሚል አስተያየትም ከጽሑፉ ስር አይቻለሁ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ለመሳብ ነው። ነገር ግን ከረጢቱ ውስጥ ኦክስጅኑም እያለቀ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ቀድሞውንም ከፍታ ላይ ነን። ፈጥኖ የሚተነፍስ ሰው ሁሉ በጭንቀት አይደለም የሚተነፍሰው። አስም፣ የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም ያለበት ሰውም እንዲሁ ይተነፍሳል፣ ከረጢት ቢሰጠው ሊሞት ይችላል። ስኳሩ ከልክ በላይ የወጣበት ሰው ደግሞ ደሙ አሲድ ስለሆነበት በጥልቀት እየተነፈሰ አሲዱን ያስወጣል፤ ያ ትንፋሽ በሕይወት ያቆየዋል፣ «ቀስ በል» አይባልም፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የጣት መለኪያው ከተለመደው ዝቅ ካለ፣ መደንዘዙ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ደረት ከታመመ፣ ትኩሳት ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካለ፣ ወይም ሰውየው ስኳር ካለበት፣ ይህ እኔ የጻፍኩት ምክር ለእሱ አይሆንም።

የቀረው ስለ ውኃ ዋና የተጻፈው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ እንዲህ የተነፈሰ ሰው ውኃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ግን ለምን? ትንፋሹን የያዘ ሰውን «አሁን ውጣ» የሚለው በዋናነት የኦክስጅን ማነስ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። ሃልደንና ፕሪስትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 እ.ኤ.አ. ትንፋሻችንን የሚያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ካሳዩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በዝግታ ተንፍሶ የጠለቀ ልጅ ከ36 ይጀምራል፤ ቶሎ ይጨንቀውና ይወጣል። አለከልኮ የጠለቀው ከ22 ይጀምራል። ያቺ ጭንቀት እስክትመጣ ብዙ ይቀራል፤ በዚያ መካከል የሚዋኘው ጡንቻ ኦክስጅኑን እየበላው ነው። የተጨመረለት ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። ኦክስጅኑ ቀድሞ ካለቀ ልጁ ሳይጨነቅ፣ ሳይታገል፣ እጁን እንኳ ሳያወጣ ራሱን ይስታል። ላይ የቆሙት ጓደኞቹ ጎበዝ፣ ገና አልወጣም እያሉ ያጨበጭባሉ። ጥሩ ዋናተኛ መሆንም አያድነውም፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚሞክረው ጥሩው ዋናተኛ ነው።

በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ውስጥ ስንት ወጣት እንደሚዘል ሁላችንም እናውቃለን። ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ ማን ብዙ ይቆያል ተባብሎ የሚወራረደውንም እናውቃለን። ውኃው ድፍርስ ነው፤ ከታች የቀረ ሰው አይታይም። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ቢከራከሩበት አብሬአቸው እከራከራለሁ፤ ስለ ዋና የጻፉትን አንቀጽ ግን ጥር 11 ሳይደርስ ከጽሑፉ ላይ እንዲያነሱት፣ ያጋራችሁትም ለላካችሁለት ልጅ ደውላችሁ ከመጥለቅህ በፊት አታለክልክ እንድትሉት እለምናለሁ።